የሥራ ፈላጊዋ ደብተር

አራት ኪሎ ጠዋት ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ሰው አይጠፋም። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ የፊት ገጹን ዜና ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ክፍት የሥራ ቦታ የሚወጣበት ገጽ ላይ ይደርሳሉ። አንዱ ማስታወቂያውን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ሌላዋ የመመዝገቢያውን የመጨረሻ ቀን በብጣሽ ወረቀት ትገለብጣለች። ፎቶ ያነሳው ያው ስልክ ቀኑን ሙሉ ከቴሌግራም ቻናሎች የሥራ ማስታወቂያ ሲቀበል ይውላል። ማታ ኢትዮ ጆብስን ከፍቶ የሚያይም አለ። እሑድ ደግሞ አክስቱ ቤት ቡና ሲጠጣ "እነ እንትና መሥሪያ ቤት ሰው እየፈለጉ ነው አሉ" የሚል ወሬ ይሰማል።

እንዲህ ሦስት ወር ሙሉ ሥራ የፈለገን ሰው "ስንት ቦታ አመለከትክ?" ቢሉት "ኧረ ብዙ ቦታ" ይላል። "ለቃለ መጠይቅ የጠሩህስ?" ሲባል ሁለቱን ወይም ሦስቱን ወዲያው ይቆጥራል። "የጠሩህን ቦታዎች መጀመሪያ ያየሃቸው የት ነበር? በዚያው መንገድ ስንት ጊዜ ሞክረህ ነው አንዱ የጠራህ?" የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን ዝም ይላል።

ዝም ማለቱ አያስደንቅም። ሰው የተጠራበትን ቀን አይረሳም፤ ያልተጠራባቸውን ሰላሳና አርባ ማመልከቻዎች ግን አእምሮው አይዝም። በሥራ ፍለጋ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው እንኳ በዚህ በኩል ገደብ አለበት። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር ከቦስተን አጠገብ ባለችው በኒውተን ከተማ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ 282 ባለሙያዎችንና ሥራ አስኪያጆችን አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1974 በመጽሐፍ አሳተመ። ከመቶ 56ቱ ሥራቸውን ያገኙት በሚያውቁት ሰው በኩል ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ቁጥር እየጠቀሱ "ሥራ የሚገኘው በሰው ነው" የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የተጠየቁት ሥራውን ያገኙት ሰዎች ናቸው። በሰው በኩል ሞክረው ያልተሳካላቸው ስንት እንደነበሩ ከዚህ ቁጥር አይታይም። ሥራ ፈላጊ ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ ከተቀጠሩት መካከል ስንቱ በየት በኩል እንደገቡ አይደለም፤ እሱ በአንድ መንገድ ስንት ጊዜ ቢሞክር አንድ ቃለ መጠይቅ እንደሚያገኝ ነው። ይህን የሚነግረው የራሱ መዝገብ ብቻ ነው።

መዝገቡ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ አንድ መስመር ይበቃል፤ የተላከበት ቀን፣ መሥሪያ ቤቱና የሥራ መደቡ፣ ማስታወቂያው የታየበት ቦታ፣ ማመልከቻው የገባበት መንገድ፣ አመልካቹ መስፈርቱን ያሟላ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ምን ምላሽ መቼ እንደመጣ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሥራ አጥነት ድጎማ የሚቀበሉ ሰዎች፣ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ሥራ መፈለጋቸውን ለማሳየት ተመሳሳይ መዝገብ እንዲይዙ ይጠየቃሉ። እነርሱ ግማሹን ሥራ ሠርተውታል፤ የጎደለው ማስታወቂያው የታየበት ቦታና የመስፈርቱ ዓምድ ነው።

ማስታወቂያው የታየበት ቦታና ማመልከቻው የገባበት መንገድ ለምን ሁለት ዓምድ ይፈልጋሉ? እሑድ በሪፖርተር ጋዜጣ የወጣ ማስታወቂያ ብዙ ሳይቆይ ሦስት የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል። አንዲት ወጣት ቴሌግራም ላይ አይታው፣ የትምህርት ማስረጃዋን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዛ በአካል ሄዳ ብትመዘገብ፣ ቃለ መጠይቁ የማን ነው? የደብተሩ ዓላማ ነገ ጊዜዋን የት እንደምታጠፋ ማሳየት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላየችበት ለቴሌግራም ይጻፍለታል። በአካል መግባቱ በሌላው ዓምድ ይቀመጣል። የድሮ የሥራ ባልደረባዋ "ለኃላፊው ነግሬዋለሁ፣ ሲቪሽን አስገቢ" ብሏት ከሆነ ግን ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ቢኖርም መንገዱ ሰው ነው። ይህ ውሳኔ ማመልከቻው በገባበት ቀን መጻፍ አለበት፤ ከተጠሩ በኋላ ከታሰበ ሰው የሚወደውን መንገድ ይሸልማል።

ምላሽ የሚለውን ቃልም ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል። "ማመልከቻዎ ደርሶናል" የሚል የኢሜይል ወይም የቴሌግራም ቦት መልእክት ምላሽ አይባልም፤ ማሽን ነው የላከው። "ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ብር አስገቢ" የሚል ጥሪም እንዲሁ፤ እንዲያውም የመጣበት ቻናል ስም አጠገብ ምልክት ይደረግበት። የጽሑፍ ፈተና ጥሪ ደግሞ ለብቻው ይያዝ። ባንኮችና ትልልቅ ተቋማት በርካታ አመልካቾችን በአንድ ቀን አዳራሽ አስቀምጠው ስለሚፈትኑ፣ ለፈተና መጠራት ከአምስት ሰዎች አንዱ ሆኖ ጠረጴዛ ፊት ከመቀመጥ ጋር እኩል አይደለም። ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት፣ ሰው ፊት ለፊት ወይም በስልክ የሚያነጋግረው ብቻ ቃለ መጠይቅ ተብሎ ይቆጠር።

ደብተሩ ሲነበብ ምን እንደሚናገር በምሳሌ ማየቱ ይሻላል። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት የሠራች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የምትፈልግ ወጣት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው። በ12 ሳምንት 80 ቦታ አመልክታለች፤ 40ውን በቴሌግራም አይታ፣ 20ውን በሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ፣ 12ቱን በጋዜጣና በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ 8ቱን በሰው በኩል። ለቃለ መጠይቅ የተጠራችው ዘጠኝ ጊዜ ነው። ቴሌግራም፣ ድረ ገጹና ጋዜጣው ሁለት ሁለት፣ ሰው ሦስት አመጡላት። ጥሪውን ብቻ ብትቆጥር ሁሉም መንገድ ተመሳሳይ ነው ትላለች።

ለተላከው ስታካፍለው ግን ሌላ ምስል ይወጣል። ቴሌግራም ከ40 ሁለት፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። ድረ ገጹ 10 በመቶ፣ ጋዜጣው 17 በመቶ ገደማ፣ ሰው 37 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና "ቴሌግራም ከንቱ ነው" ብሎ ስልኩን ይዘጋል። መቆም የማይገባው ደግሞ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ገና ያልበሰለውን መቁጠር ነው። ትናንት የተላከ ማመልከቻ ዛሬ ምላሽ ስላልመጣለት አልተሳካም አይባልም። ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚገባ የራሷ ደብተር ይነግራታል፤ ዘጠኙ ጥሪዎች ስንት ስንት ቀን እንደፈጁ ብታይ አጭሩ 4፣ ረጅሙ 26 ቀን ነው። ስለዚህ አራት ሳምንት ያልሞላውን ማመልከቻ ለጊዜው ከሂሳቡ ታወጣለች። ቴሌግራም ላይ በመጨረሻው ወር በብዛት ስትልክ ስለነበር ከ40ው 16ቱ ገና ናቸው። የበሰሉት 24 ሲሆኑ ዘጠኙም ጥሪዎች የመጡት ከበሰሉት ስለሆነ፣ ቴሌግራም ከ5 ወደ 8 በመቶ ከፍ ይላል። ድረ ገጹ ከ18 ሁለት፣ 11 በመቶ ሆነ። በቴሌግራምና በድረ ገጹ መካከል የነበረው እጥፍ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ያልበሰለ ማመልከቻ የፈጠረው ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ምላሽ ከዚህ በጣም ሊዘገይ ስለሚችል፣ እነርሱን የሚጠብቅ ሰው የራሳቸውን የመጠበቂያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል፤ አለዚያ በግል ድርጅት ሚዛን ተመዝነው ያለ ጥፋታቸው ይወድቃሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ጥልቅ ነው፤ ብዙ ሥራ ፈላጊዎችን የሚያሳስተውም እሱ ይመስላል። ቴሌግራም ላይ ማመልከት ቀላል ነው። ሲቪው ስልኩ ውስጥ አለ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነክቶ ይላካል። በአካል ለመመዝገብ ግን ታክሲ መያዝ፣ ፎቶ ኮፒ ማስደረግ፣ ሰልፍ መቆም አለ። ለአንድ ማመልከቻ ግማሽ ቀን የሚከፍል ሰው "አራት ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ማስታወቂያ ሲያይ በሁለት ዓመት ልምድ አይደክምበትም። ቴሌግራም ላይ ሲሆን ግን "ምን አለበት፣ ልሞክረው" ብሎ ይልካል።

የወጣቷ ደብተር ይህን ያሳያል። በቴሌግራም ከላከቻቸው 24 የበሰሉ ማመልከቻዎች መስፈርቱን በትክክል ያሟላችባቸው 10 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ጥሪዎች የመጡት ከእነዚህ 10 ነው። ከቀሩት 14 አንድም አልጠራትም። በድረ ገጹ የሚመጥኗት 8 ነበሩ፤ ሁለቱ ጠሯት። በጋዜጣና በሰሌዳ ከ10 የበሰሉት 9ኙ ይመጥኗት ነበር፤ ሁለቱ ጠሯት። እንግዲህ የሚመጥናትን ብቻ ብንቆጥር ቴሌግራም 20፣ ድረ ገጹ 25፣ ጋዜጣው 22 በመቶ ሆኑ። በሦስቱ መካከል ልዩነት አለ ለማለት አይቻልም። ጋዜጣው ብልጫ ያለው ይመስል የነበረው አሠሪዎቹ የተሻሉ ስለሆኑ አልነበረም፤ የመንገዱ ድካም እሷን መራጭ ስላደረጋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። "መስፈርቱን አሟላለሁ ወይ" የሚለው ዓምድ መሞላት ያለበት ማመልከቻው በተላከበት ቀን ነው። ከሁለት ወር በኋላ የተሞላ እንደሆነ፣ ያልጠራው ሁሉ "ለነገሩ አይመጥነኝም ነበር" ተብሎ ይመዘገብና ሂሳቡ በሙሉ ይበላሻል።

በአዲስ አበባ የተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት ከዚህ ጋር የሚገናኝ ነገር አሳይቷል። ግሩም አበበና አምስት የጥናት ባልደረቦቹ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ የታወቀ የኢኮኖሚክስ መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፍሎ ለአንደኛው ቡድን ወደ መሃል ከተማ መምጫ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጠ፤ ለሌላው ደግሞ ሲቪ አዘገጃጀትንና የቃለ መጠይቅ ዝግጅትን አስተምሮ፣ ችሎታውን ፈትኖ የምስክር ወረቀት ሰጠው። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱም መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን ከፍ አደረጉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ ነበር፤ ችሎታቸውን ለአሠሪ እንዲያሳዩ የተረዱት ግን ከፍ ያለ ገቢ ያገኙ ነበር። ሰሌዳው ዘንድ መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ከደረሱ በኋላ አሠሪው ወረቀቱ ላይ የሚያየው ሌላ። የአንዱን ጉድለት በሌላው መንገድ ላይ ማላከክ እንዳይመጣ ደብተሩ ሁለቱን ለይቶ መያዝ አለበት። የሚመጥኑ ማመልከቻዎች በሁሉም መንገድ ዝም ከተባሉ ችግሩ መንገድ አይደለም፤ ሲቪው ነው የሚታየው። ቃለ መጠይቁ እየመጣ ቅጥር ካልተከተለ ደግሞ ሲቪውም መንገዱም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የሚጠናው ቃለ መጠይቁ ነው።

ቁጥር ማነሱም መታሰብ አለበት። በእውነት ከአሥር አንዱን የሚጠራ መንገድ ቢኖርና ሰው 10 ማመልከቻ ቢልክበት፣ አንድም ጥሪ ሳይመጣ የመቅረቱ ዕድል ከመቶ 35 ነው። ከሦስት ሰዎች አንዱ ያለ ጥፋቱ ይህን ጥሩ መንገድ ይጥለዋል ማለት ነው። 20 ሲልክ ዕድሉ ወደ 12፣ 30 ሲልክ ወደ 4 ይወርዳል። ስለዚህ አንድን መንገድ ለመዝጋት ከ20 ያላነሰ፣ ቢቻል 30 የሚመጥንና የበሰለ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ እስኪሞላ ትንሽ ትንሽ ማዘንበል ይቻላል፤ ጊዜን ከደካማው ወደ ጠንካራው መግፋት ማለት ነው።

ጊዜ ደግሞ ራሱን የቻለ ሚዛን ነው። ወጣቷ ለቴሌግራም ማመልከቻ 20 ደቂቃ፣ ለድረ ገጹ 40 ደቂቃ፣ ለጋዜጣውና ለሰሌዳው መመላለሱን ጨምሮ 4 ሰዓት፣ በሰው በኩል ለሚሆነው ደውሎ ሰላምታ ተለዋውጦ ሲቪውን ለቦታው አስተካክሎ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ታጠፋለች። አንድ ቃለ መጠይቅ በጋዜጣ 24 ሰዓት ድካም አስከፍሏታል። በቴሌግራምና በድረ ገጹ እያንዳንዱ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ በሰው ደግሞ 4 ሰዓት ወስዷል። ለተላከው ሲካፈል የመጨረሻ የነበረው ቴሌግራም በሰዓት ሲለካ ከጋዜጣው በብዙ ይሻላል። የማይመጥናትን መላክ ብትተው ደግሞ ከበሰሉት እንደታየው 10 ማመልከቻ በ200 ደቂቃ ሁለት ጥሪ አምጥቷል፤ አንዱ ቃለ መጠይቅ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። የታክሲውና የፎቶ ኮፒው ወጪ ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል።

ሰው የሚለው መንገድ ለብቻው መታየት ይፈልጋል። ከ7 የበሰሉ ሦስት፣ ሰባቱም የሚመጥኗት ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ከሌሎቹ መራቁ ግልጽ ነው። ችግሩ እንደ ቴሌግራም በየቀኑ አዲስ የማይገኝበት መሆኑ ነው፤ የቅርብ ዘመድና ጓደኛ ቶሎ ያልቃል። በዚህ ላይ ግራኖቬተር ሌላ የሚጠቅም ግኝት አለው። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው በተደጋጋሚ፣ ማለትም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም በጣም አንዳንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። የቅርብ ጓደኛ የሚሰማው እኛ የሰማነውን ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት አብሮ የሠራ ሰው ግን እኛ የማናውቀው መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ስለዚህ ወጣቷ በደብተሯ ውስጥ ሰው የሚለውን ለሦስት ትከፍለዋለች፤ ቤተሰብና የቅርብ ጓደኛ፣ የክፍል ጓደኛ፣ የቀድሞ ባልደረባ። ሦስቱ ጥሪዎች የመጡት ከቀድሞ ባልደረቦቿ ሁለት፣ ከክፍል ጓደኛዋ አንድ ነው። የጠየቀችበት አነጋገርም ተጽፏል። "ሥራ ፈልግልኝ" ያለቻቸው በጎ ቃል ሰጥተው ዝም አሉ። "እናንተ ጋ የሂሳብ ክፍል ሰው ሲፈልግ ማስታወቂያው የት ነው የሚወጣው? ሲቪ ለማን ይሰጣል?" ያለችው ሰው ግን ስም ነገራት። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለሚጠየቀውም ይቀላል፤ የሚያውቀውን መናገር እንጂ ቃል መግባት አይጠበቅበትም።

የሚቀጥለው ወር ገጽ እነሆ ተሰምሯል። በጋዜጣና በሰሌዳ በአካል መመዝገብን የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሌላ ቦታ ካልተገኘ ብቻ ትሄዳለች። በቴሌግራም የሁለት ዓመት ልምድ ወይም ከዚያ በታች የሚጠይቁትን ብቻ ትልካለች፤ 20 የሚመጥኑ ሲሞሉና አራት ሳምንት ሲያልፋቸው ቁጥሩን እንደገና ታያለች። ካለፈው ወር 16ቱ ያልበሰሉም እስከዚያ ይበስላሉ። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ለሁለት የቀድሞ ባልደረቦችና ለአንድ የክፍል ጓደኛ ትደውላለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስሞች በገጹ ጫፍ ላይ ተጽፈዋል፣ ከስማቸው ፊት ለፊት ያለው ዓምድ ገና ባዶ ነው።